የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ግን ጭብጥ ነው?

አንድ አጭር ልብወለድ ያነበቡ ተማሪዎች «የታሪኩ ጭብጥ ምንድን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ የሚጽፉት አንድ ቃል ነው፤ «ድህነት»፣ «ፍቅር»፣ «ምቀኝነት»፣ «ስደት»። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ርዕሰ ጉዳይ ነው እንጂ ጭብጥ አይደለም» ብሎ ይመልስላቸዋል። ተማሪው ደብተሩን ገልጦ ሲያይ «ጭብጥ ማለት የድርሰቱ ማዕከላዊ ሐሳብ ነው» የሚል ትርጓሜ ያገኛል። ታዲያ ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ድህነት ከሆነ፣ ድህነት እንዴት ማዕከላዊ ሐሳብ ሳይሆን ይቀራል? ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ትርጓሜው ስሕተት የለበትም፤ ችግሩ ግን በእጁ ያለውን መልስ የሚፈትንበት ነገር አለመስጠቱ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ሁለት ጥያቄዎችን ማስከተል ይበቃል። የመጀመሪያው «ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ለዚህ «ስለ ድህነት» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ መልሱም ርዕሰ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው «ስለ ድህነትስ ምን ይላል?» የሚል ነው። እዚህ ላይ በአንድ ቃል ማምለጥ አይቻልም፤ መልሱ ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል። «ድህነት ሰውን ያቀራርባል» ወይም «ድህነት ሰውን ያለያያል» ብሎ መጨረስ ግድ ይሆናል። ማሰሪያ አንቀጽ ሲመጣ ክርክርም አብሮ ይመጣል። «ድህነት» በሚለው ቃል ላይ ተነሥቶ «አልስማማም» የሚል ሰው የለም፤ «ድህነት ሰውን ያቀራርባል» ለሚለው ግን «የለም» ባይ አይጠፋም። ማንም ሊቃወመው የማይችል መልስ ገና ጭብጥ አልሆነም።

ይህ የመጀመሪያው ወንፊት ነው። ብዙ ክፍል ውስጥ ትምህርቱ እዚህ ላይ ስለሚቆም ተማሪዎች ቶሎ መላውን ያገኛሉ፤ «ድህነት መጥፎ ነው»፣ «ፍቅር ያሸንፋል» ብለው በማሰሪያ አንቀጽ ይዘጋሉ። ዓረፍተ ነገር ሆነ፣ ጭብጥ ግን አልሆነም። እንዲህ ያለውን መልስ ታሪኩን ያላነበበ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛና ጠበቅ ያለ መፈተኛ ያስፈልጋል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጭብጥ ነው ያልከውን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፍ። ከዚያ የታሪኩን ማጠፊያ፣ ማለትም ነገሩን ሁሉ የወሰነውን አንድ ድርጊት ወይም መጨረሻውን፣ በሐሳብህ ለውጥ። ዓረፍተ ነገሩ ማጠፊያው ተለውጦም ምንም ካልሆነ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ከታሪኩ አልወጣም፤ አንተ ከውጭ ይዘኸው የመጣህ ነው። ከፈረሰ ወይም ማስረጃ ካጣ ግን ታሪኩን ይዘኸዋል።

ለመፈተኛው የሚሆን ታሪክ ከፈረንሣይ እንውሰድ። ጊ ደ ሞፓሳን «የአንገት ሐብል» በሚል ርዕስ የሚታወቀውን አጭር ልብወለዱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1884 በአንድ የፓሪስ ጋዜጣ ላይ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ማቲልድ ሉዋዜል ትባላለች። ቆንጆ ናት፤ ባሏ ግን በትምህርት ሚኒስቴር የሚሠራ ተራ ጸሐፊ ነው። እሷ ለድሎትና ለጌጥ እንደተፈጠረች ታምናለች፤ የምትኖረው ግን ግድግዳው ባረጀ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ባሏ ከሚኒስትሩ የግብዣ ካርድ ይዞላት ይመጣል። ደስ ይላታል ብሎ ሲጠብቅ ታለቅሳለች፤ የምትለብሰው የላትም። ባል ለአደን ጠመንጃ መግዣ ያስቀመጣትን 400 ፍራንክ ለቀሚስ ይሰጣታል። ቀሚሱ ሲደርስ ደግሞ ጌጥ የለኝም ትላለች። አበባ ሰክተሽ ሂጂ ሲላት በሀብታም ሴቶች መካከል ድሃ መስሎ መታየትን የመሰለ ውርደት የለም ብላ ትመልስለታለች። በመጨረሻ የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛዋን ወይዘሮ ፎሬስትዬን ታስታውሳለች፤ ሄዳም በጥቁር ሳቲን ሣጥን የተቀመጠ የአልማዝ ሐብል ትዋሳለች።

በግብዣው ምሽት ከሴቶቹ ሁሉ የደመቀችው ማቲልድ ነበረች። ወንዱ ሁሉ ስሟን ይጠይቃል፤ ሚኒስትሩ ራሱ ልብ ብሎ ያያታል። ሊነጋጋ ሲል ሊወጡ ሲሉ ባሏ የዘወትር ኩታዋን ከትከሻዋ ላይ ጣል ያደርግላታል። ባለፀጉር ካባ የለበሱት ሴቶች እንዳያዩባት እየሮጠች ትወርዳለች፤ በዚያ ምክንያት ደጃፍ ላይ ጋሪ አያገኙም፣ በብርድ እስከ ሴን ወንዝ ድረስ በእግር ይሄዳሉ። ቤት ደርሳ መስታወት ፊት ስትቆም ሐብሉ አንገቷ ላይ የለም።

ባል መንገዱን ሁሉ ይፈልጋል፤ ፖሊስ ጣቢያና ጋዜጣ ቤት ይሄዳል። እስከዚያው ለወይዘሮ ፎሬስትዬ መቆለፊያው ተሰብሮ እያሠራሁት ነው ብላ እንድትጽፍ ይነግራታል። ሳምንት ካለፈ በኋላ በሣጥኑ ውስጥ ስሙ ወደተጻፈው ጌጥ ሻጭ ይሄዳሉ፤ እሱም ሣጥኑን ብቻ እንጂ ሐብሉን እኔ አልሸጥሁም ይላቸዋል። በሌላ ሱቅ ተመሳሳይ ሐብል ይገኛል። ዋጋው 40,000 ፍራንክ ነው፤ በ36,000 ይስማማሉ። ባል ከአባቱ የወረሰው 18,000 አለ፤ የቀረውን ከአራጣ አበዳሪ ሳይቀር ይበደራል። ወይዘሮ ፎሬስትዬ ሣጥኑን ስትቀበል ዘግይተሻል ብላ ትቆጣለች፤ ግን ከፍታ አታየውም። ከዚያ አሥር ዓመት ዕዳ መክፈል ይሆናል። ሠራተኛዋ ትሰናበታለች፤ ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ይገባሉ። ማቲልድ ታጥባለች፣ ውኃ ትሸከማለች፣ ገበያ ላይ በሳንቲም ትጨቃጨቃለች፤ ባል ሌሊት ሌሊት በገጽ እየተከፈለው ጽሑፍ ይገለብጣል። ዕዳው ሲያልቅ እሷ ያለ ዕድሜዋ አርጅታለች። አንድ እሑድ መናፈሻ አካባቢ ወይዘሮ ፎሬስትዬን ታገኛታለች፤ ጓደኛዋ ዛሬም ወጣትና ቆንጆ ናት፣ መጀመሪያ ፈጽሞ አላወቀቻትም። ማቲልድ አሁን የምታፍርበት ነገር ስለሌለ ሁሉንም ትነግራታለች። ወይዘሮ ፎሬስትዬ እጇን ትይዛታለች። የእኔ ሐብል እኮ የውሸት ነበር፤ ቢበዛ 500 ፍራንክ ቢያወጣ ነው፤ ትላታለች። ታሪኩ በዚህ ያበቃል።

ሠርግ በደረሰ ቁጥር ወርቅ በሚዋዋሱበት አገር ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው አፉ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ተረትና ምሳሌ የታወቀ ነው፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ»። ለዚህ ታሪክ ተብሎ የተነገረ እስኪመስል ድረስ ይገጥማል፤ ተማሪም ጭብጡ ይኸው ነው ብሎ ቢጽፈው አይገርምም። ዓረፍተ ነገር ነው፣ ማሰሪያ አንቀጽ አለው፣ የመጀመሪያውን ወንፊት አልፏል። አሁን ማጠፊያውን እንለውጥ። ሐብሉ እውነተኛ አልማዝ ነበር እንበል። መናፈሻው ላይ ወይዘሮ ፎሬስትዬ አመስግናት፣ አዝናላትም ተለያዩ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ምን ሆነ? ምንም አልሆነም፤ እንደቆመ ነው። ሞፓሳን አንባቢውን ለማስደንገጥ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ያኖረው ነገር ለዚህ ምሳሌያዊ አነጋገር ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም። ይባስ ብሎ ምሳሌው ከታሪኩ ጋር ይጣላል፤ በዚያች ምሽት የሰው ወርቅ ማቲልድን አድምቋታል። ደራሲው ይህን በግልጽ ጽፎታል። የተረትና ምሳሌ ጉዳት እዚህ ላይ ነው፤ ለብዙ ነገር እንዲሆን ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ለአንዱ ታሪክ ብቻ በልክ አይሆንም፣ ተማሪውም ያነበበውን ትቶ የሚያውቀውን እንዲጽፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛው የተለመደ መልስ ምክር ነው፤ «ካለህ በላይ አትመኝ»። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ተረት ሲያልቅ «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» እየተባልን አድገናል። ተረት ምክሩን ተሸክሞ ይመጣል፤ አጭር ልብወለድ ግን ብዙ ጊዜ አይመክርም፣ ያሳያል። ትእዛዝ ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት ሊባል አይችልም፤ ስለዚህ ከመፈተኑ በፊት ወደ መግለጫ መለወጥ አለበት። «ከአቅሙ በላይ የተመኘ ሰው ይዋረዳል» ብለን እንጻፈው። ሐብሉን እውነተኛ አድርገን ስንፈትነው ይህም አይነቃነቅም። ማቲልድ ያው ተመኝታለች፣ ያው ተዋርዳለች። ከታሪኩ ግማሹን ይገልጻል ማለት ነው፤ መጨረሻውን ግን ሳይነካው ያልፋል።

ታዲያ መጨረሻውን የሚነካ ዓረፍተ ነገር እንዴት ይገኛል? ወደ ኋላ ተመልሶ ነገሩን የወሰነው ድርጊት የቱ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ብዙ አንባቢ «መዋሷ ነው» ይላል፤ ወይም «መጣሏ»። እኔ ግን ደብዳቤዋን እመርጣለሁ፤ «መቆለፊያው ተሰብሮ እያሠራሁት ነው» የምትለዋን። ሐብል መጥፋት በማንም ላይ የሚደርስ ነው። አሥሩን ዓመት ያመጣው ግን ጠፋብኝ ብሎ አለመናገር ነው። እንዲህ እንጻፍ፤ «ድህነቱ እንዳይታይበት እውነቱን የሚደብቅ ሰው ከደበቀው የባሰ ድህነት በገዛ እጁ ይገዛል።»

አሁን ይህን እንፈትነው። ሐብሉ እውነተኛ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ማቲልድ ብትናገርም ባትናገርም 36,000ው ፍራንክ እውነተኛ ዕዳ ነው፤ መደበቋ ያስከፈላት የተለየ ነገር የለም፣ ዓረፍተ ነገሩ ይወድቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ሄዳ «ጠፋብኝ» ብላ ብትናገርስ? ወይዘሮ ፎሬስትዬ «ግድ የለም፣ የውሸት ነበር» ትላታለች፤ በ500 ፍራንክ ነገሩ ያልቃል። አሁንም ዓረፍተ ነገሩ ይወድቃል። ማጠፊያው በሁለቱም በኩል ሲነካ አብሮ የሚወድቅ ዓረፍተ ነገር ከታሪኩ ጋር የተሰፋ ነው።

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲገኝ ሌላም ጥሩ ምልክት ይታያል፤ ተራ የመሰሉ ዝርዝሮች በራሳቸው ጊዜ ቦታቸውን ያገኛሉ። አበባ ሰክቶ መሄድን እምቢ ማለቷ ድህነቷን እንዳይታይባት ነው። በዘወትር ኩታዋ አፍራ መሮጧም እንደዚያው። ጌጥ ሻጩ ሣጥኑን ብቻ ነው የሸጥሁት ሲላቸው ነገሩ ሊገለጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረው፤ እነሱ ግን የቸኮሉት ተመሳሳይ ሐብል ለማግኘት ነበር፣ አልጠየቁም። ወይዘሮ ፎሬስትዬም ሣጥኑን አልከፈተችም። የተማሪ ድርሰት ከዚህ በኋላ ራሱን ይጽፋል፤ ማስረጃው በእጁ ነው። «ድህነት» ብሎ የጀመረ ተማሪ ግን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ደርሶ ታሪኩን ከመተረክ ሌላ የሚጽፈው የለውም። መምህራን ጭብጥ ተንትኑ ብለው ጠይቀው የታሪክ ማጠቃለያ የሚቀርብላቸው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ይመስለኛል።

ርዕሰ ጉዳይና ጭብጥ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚታየው ርዕሰ ጉዳያቸው አንድ የሆኑ ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ነው። አሜሪካዊው ኦ. ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው የገና ስጦታ ታሪክ ውስጥም ገንዘብ ያጠራቸው ባልና ሚስት አሉ፤ እዚያም ጌጥ አለ፣ መጨረሻውም ድንገተኛ ነው። ዴላ ለባሏ ለጂም ስጦታ መግዣ ያላት 1 ዶላር ከ87 ሳንቲም ነው። ረጅም ፀጉሯን በ20 ዶላር ትሸጥና ለኪስ ሰዓቱ በ21 ዶላር ማሠሪያ ትገዛለታለች። ጂም ደግሞ ለፀጉሯ ማበጠሪያ ለመግዛት ሰዓቱን ሸጧል። አንድ ቃል የሚጽፍ ተማሪ ለሁለቱም ታሪክ «ድህነት» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ በርዕሰ ጉዳይ ደረጃም አልተሳሳተም። ጭብጣቸው ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። ማቲልድ የምትከፍለው ለሰው ዓይን ነው፤ ዴላ የምትከፍለው ለአንድ ሰው ነው። ስለ ዴላ «ፍቅር መስዋዕትነት ይጠይቃል» ቢባልስ? ጂም ሰዓቱን አልሸጠም ብለን እንለውጠው። ዴላ ያው ፀጉሯን ሠውታለች፤ ዓረፍተ ነገሩ አልተነካም፣ ወደቀ ማለት ነው። «ስጦታን የሚያከብረው ጥቅሙ ሳይሆን ሰጪው ለእሱ ሲል የተወው ነገር ነው» ብንልስ? ሰዓቱ ካልተሸጠ ማሠሪያው ጠቃሚ ዕቃ ይሆናል፤ ስጦታው የተከበረው በጥቅሙ ይሁን በዋጋው ማወቅ አይቻልም። ዓረፍተ ነገሩ የሚጸናው ሁለቱም ስጦታዎች ከንቱ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ኦ. ሄንሪም ሁለቱንም ከንቱ አድርጓቸዋል።

እነዚህ ሁለቱ መጨረሻቸው እንደ ወጥመድ የሚዘጋ ታሪኮች ስለሆኑ መፈተኛው ይቀልባቸዋል። እንዲህ ያለ መጨረሻ የሌለው ታሪክ ሲገጥም ነገሩ ይከብዳል። በአንቶን ቼኾቭ የ1886 ታሪክ ውስጥ ባለጋሪው ዮና በዚያው ሳምንት ልጁ ሞቶበታል። በበረዶ ምሽት ለሚያሳፍራቸው ሰዎች ሊነግራቸው ይሞክራል፤ መኮንኑም፣ ሰካራሞቹ ወጣቶችም፣ የበር ጠባቂውም፣ ማደሪያው ያለው ወጣት ባለጋሪም አይሰሙትም። በመጨረሻ ጋጣ ገብቶ ለፈረሱ ይነግራል። ምንም ድንገተኛ ነገር የለም። እዚህ ላይ የሚለወጠው መጨረሻው ሳይሆን በታሪኩ ውስጥ እየተደጋገመ የሚመጣው ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ተሳፋሪ ሰማው ብሎ ማሰብ ነው። «ሐዘን ከባድ ነው» የሚለው ምንም አይሆንም፤ «ሐዘን የሚከብደው ሰሚ ሲጠፋ ነው» የሚለው ግን ማስረጃውን በሙሉ ያጣል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ከሐዘንተኛ ጋር ቁጭ ብሎ ማደር ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለማየት ብዙ አይቸገርም።

መፈተኛው የማይሠራው ሥራም አለ። የማይሆነውን ይጥላል እንጂ ከሚሆኑት መካከል አንዱን አይሾምም። ስለ «የአንገት ሐብል» አንዷ ተማሪ «ሰዎች የሚገዙት በዕቃው ዋጋ ሳይሆን ለዕቃው በሰጡት ግምት ነው» ብላ ብትጽፍ፣ ሐብሉ እውነተኛ ሲሆን ዓረፍተ ነገሯ ይፈርሳል፤ ስለዚህ አልፋለች። ከእኔ ዓረፍተ ነገር ጋር አይመሳሰልም፤ የሁለታችንን የሚያወዳድረው ማስረጃችን ነው። እሷ ማቲልድ ካዋሰቻት ጌጦች መካከል የመረጠችው የውሸቱን እንደነበር ልታነሣ ትችላለች፤ እኔ ደብዳቤዋን አነሣለሁ። መምህሩ ሁለቱንም በሙሉ ነጥብ ቢያልፍ አይቆጨውም።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያከራክረው ግን ሦስተኛ ተማሪ ነው። እሱ ታሪኩን በጥንቃቄ አንብቦ፣ ተራኪው ራሱ ሐብሉ ባይጠፋ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ የሚጠይቅበትንና ሰውን ለማጥፋትም ለማዳንም ትንሽ ነገር እንደሚበቃ የሚናገርበትን ቦታ አግኝቷል። «የሰው ሕይወት በትንሽ አጋጣሚ ይገለበጣል» ብሎ ጽፏል፤ ተራኪው ብሎታል፣ ምን ቀረ? እንፈትነው። ሐብሉ አልጠፋም ካልን ይፈርሳል፤ ሐብሉ እውነተኛ ነበር ካልን ግን አይነካም። መጥፋቱን ያስረዳል፤ ውሸት መሆኑን አያስረዳም። ቦታውንም ልብ ማለት ነው፤ ተራኪው ይህን የሚለው ከመናፈሻው በፊት ነው፣ አንባቢው ስለ ሐብሉ ገና ምንም ሳያውቅ። ስለዚህ ለዚህ ተማሪ ግማሽ ነጥብ ሰጥቼ፣ ከሥሩ አንድ ጥያቄ እጽፍበታለሁ፦ «ትንሹ አጋጣሚ የጣለችው ከስንት ሰዓት ነው? ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት መናገር ትችል ነበር?»